የእናት ረጅም ሪፖርት፣ የልጅ አጭር ሪፖርት

በዚህ ወር የምንመልሰው ጥያቄ ከአንዲት የአዲስ አበባ አንባቢያችን የመጣ ነው። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚገጥም ስለሆነ ደብዳቤውን በጥቂቱ አሳጥረን አቅርበነዋል።

«እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ወገቧን ሲያማት የቆየ ቢሆንም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስለባሰባት ኤም አር አይ አስነሳናት። ውጤቱ አንድ ገጽ ሙሉ ነው። አራት ቦታ ላይ የዲስክ ችግር አለባት ይላል፤ ዲስኩ የነርቭ ከረጢቱን እንደተጫነም ተጽፏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ እንዳትል ከልክለናት፣ ፍራሹን አንስተን ጣውላ ላይ እያስተኛናት ሦስት ሳምንት ሆናት። ወንድሞቼ ገንዘብ አዋጥተን ውጭ አገር ወስደን ቀዶ ጥገና እናስደርግላት እያሉ ነው። የ38 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜም በዚሁ ሰሞን ግራ እግሩን ስላመመው ተነስቶ ነበር። የእሱ ግን አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው ብለን ትተነዋል። እሱም ህመሙ እየቀነሰልኝ ነው ይላል። ብቻ ነጠላ ጫማ ሲያደርግ ከግራ እግሩ እየወለቀ ያስቸግረዋል። እናታችንን ቶሎ ማሳከም ያለብን ይመስልዎታል?»

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰን መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅንም፤ ጠያቂያችንን በስልክ አገኘናት። ሁለቱንም ሪፖርት ልካልን ካነበብን በኋላ የሰጠናት መልስ ቤተሰቡ ከጠበቀው ተቃራኒ ነበር። ቶሎ መታየት ያለበት ወንድምየው ነው፤ ያውም በዚያው ሳምንት። እናትየው ደግሞ ከጣውላው ላይ ይነሱ። ለምን እንዲህ እንዳልን ለመረዳት ግን ዲስክ ምን እንደሆነና ሪፖርቱ ላይ የሚጻፉት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ከመጀመሪያው ማየት ያስፈልጋል።

ዙሪያውን የሰፋና አንድ ቦታ ላይ የወጣ

ወገባችን ላይ አምስት የአከርካሪ አጥንቶች አሉ። ሪፖርት ላይ ከላይ ወደ ታች ኤል1፣ ኤል2 እየተባሉ እስከ ኤል5 ይቆጠራሉ። ከኤል5 በታች ያለው የዳሌ አጥንት የመጀመሪያ ክፍል ኤስ1 ይባላል። በየሁለቱ አጥንቶች መካከል አንድ ዲስክ አለ። ስለዚህ «ኤል4–ኤል5» ተብሎ ሲጻፍ በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ስላለው ዲስክ ነው የሚወራው።

ዲስክ ሁለት ክፍል አለው። ውጪው እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ የተጠቀለለ ጠንካራ ጅማት ነው። ውስጡ ደግሞ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ፣ አብዛኛው ውሃ የሆነ ለስላሳ ነገር ነው። በእድሜ ውሃው እየቀነሰ ይሄዳል። ውሃ ያለው ዲስክ በኤም አር አይ ፊልም ላይ ነጣ ብሎ ስለሚታይና የደረቀው ስለሚጠቁር፣ ሪፖርት ላይ «ዲስኩ ደርቋል» ወይም «ጠቁሯል» የሚል ይጻፋል። ይህ ከፀጉር መሸበት ጋር የሚመሳሰል ለውጥ ነው። ፀጉሩ መሸበቱ እውነት ነው፣ ሊታይም ይችላል፤ በሽታ ነው የሚለው ግን የለም።

ውሃው የቀነሰ ዲስክ ነፋሱ የጎደለ ጎማን ይመስላል። ከላይ ክብደት ሲያርፍበት ቁመቱ ያጥርና ዙሪያውን ሰፋ ይላል። የጎማው ግድግዳ ግን አልተቀደደም፤ የወጣም ነገር የለም። የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ይህንን «በልጅ» ይሉታል። ይህ ስም የሚሰጠው ዲስኩ ከአጥንቱ ጠርዝ አልፎ የሰፋው ከዙሪያው ከሩብ በሚበልጠው ክፍል ላይ ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜም ከአጥንቱ ጠርዝ የሚያልፈው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ሄርኒዬሽን ግን ሌላ ነገር ነው። የውጪው ጅማት አንድ ቦታ ላይ ይሳሳል ወይም ይሰነጠቅና የውስጡ ለስላሳ ነገር በዚያ በኩል ይወጣል። ከዙሪያው የሚይዘው ከሩብ በታች፣ አንድ ጠባብ ቦታ ነው። የጎማው ግድግዳ ተቀድዶ የውስጡ ላስቲክ በቀዳዳው ብቅ እንደሚለው ማለት ነው። በተለምዶ «ዲስክ መንሸራተት» የምንለው ይኸው ነው። ሆኖም ዲስክ ከሁለቱም አጥንቶች ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ሳሙና ከቦታው አይንሸራተትም። አንድ በኩል ላይ ይወጣል እንጂ። ቃሉን ማረም የፈለግነው ለቋንቋው ስንል አይደለም፤ ብዙ ሰው ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ዲስኬ ይንሸራተታል ብሎ የሚፈራው ከዚሁ ቃል የተነሳ ስለሆነ ነው።

ሄርኒዬሽንም ደረጃ አለው። የወጣው ክፍል ሥሩ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ከሆነ «ፕሮትሩዥን» ይባላል። ጫፉ ከሥሩ ከሰፋ፣ ማለትም በጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ ውጪ ላይ ከተንሰራፋ «ኤክስትሩዥን» ይሆናል። ከእናት ዲስኩ ተቆርጦ ለብቻው የቀረ ቁራጭ ካለ ደግሞ «ሲክዌስትሬሽን» ይጻፋል።

ህመም የሌለባቸው ሰዎች ቢነሱስ?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ወገባቸውን ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤም አር አይ ቢነሱ ምን ይገኝባቸዋል? ይህ በደንብ የተጠና ነገር ነው። በ1994 አሜሪካ ውስጥ የወገብ ህመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ተነስተው ነበር። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ቢያንስ አንድ ዲስክ ዙሪያውን ሰፍቶ ተገኘ። ከአራቱ አንዱ ገደማ ፕሮትሩዥን ነበረበት። ኤክስትሩዥን የተገኘው ግን ከመቶ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው።

በ2015 ደግሞ 33 ጥናቶች በአንድነት ታይተው፣ ህመም የሌለባቸው 3,110 ሰዎች ውጤት በእድሜ ተከፋፍሎ ወጣ። ዙሪያውን የሰፋ ዲስክ በ30 ዓመት ከአስር ሰዎች በአራቱ፣ በ60 ዓመት ደግሞ ከአስር በሰባቱ ገደማ ላይ ይገኛል። የዲስክ መድረቅ በ60 ዓመት ከአስር ሰዎች በዘጠኙ ያህል ላይ አለ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ደረጃ የሚወጡ፣ የልጅ ልጅ የሚያዝሉ ናቸው። ሪፖርታቸው ቢነበብ ግን ከጠያቂያችን እናት ሪፖርት ብዙ አይለይም።

ታዲያ የ67 ዓመት ሰው ሪፖርት ላይ «በልጅ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ሲጻፍ አራት በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም። የራዲዮሎጂ ሐኪም ያየውን ሁሉ መጻፍ ሥራው ነው። ፊልሙ ህመምን አያሳይም፤ ቅርጽን ነው የሚያሳየው። የትኛው ቅርጽ የህመሙ ምክንያት እንደሆነ የሚለየው በሽተኛውን ጠይቆና መርምሮ የሚያየው ሐኪም ነው።

ጽሑፉ ራሱም ከአንባቢ አንባቢ ይለያያል። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ላይ፣ እግራቸው ድረስ የሚወርድ የወገብ ህመም ያለባቸው አንዲት የ63 ዓመት ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ በአስር ማዕከላት ኤም አር አይ ተነሱ። አስሩ ሪፖርቶች በድምሩ 49 የተለያዩ ግኝቶችን ጻፉ። በአስሩም ሪፖርት ላይ የተገኘ አንድም ግኝት አልነበረም። ይህ ኤም አር አይ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ አንድ ወረቀት ብቻውን ፍርድ አይደለም ማለት ነው።

የእናትየው ሪፖርት

አሁን ወደ ሁለቱ ሪፖርቶች እንግባ። የእናትየው ከኤል2 እስከ ኤስ1 ባሉት ዲስኮች ላይ መድረቅና ዙሪያውን መስፋት እንዳለ ይናገራል። የኋላ መገጣጠሚያዎቹ መወፈራቸው ተጽፏል፤ ይህም በዚህ እድሜ የሚጠበቅ ነው። ሄርኒዬሽን የሚል ቃል የለበትም። ቤተሰቡን ያስደነገጠው «የነርቭ ከረጢቱን በጥቂቱ ተጭኗል» የሚለው መስመር ነው። ልጆቻቸው ይህንን ህብለ ሰረሰር ተጎድቷል ብለው ነው የተረዱት።

ህብለ ሰረሰር ግን እዚያ ድረስ አይወርድም። በአዋቂ ሰው ላይ ኤል1 ወይም ኤል2 አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው እንደ ፈረስ ጭራ የተዘረዘሩ የነርቭ ሥሮች ናቸው፤ በፈሳሽ በተሞላ ከረጢት ውስጥ ይንሳፈፋሉ። የሰፋ ዲስክ ከረጢቱን በትንሹ ገፋ ቢያደርገው ነርቮቹ ለመሸሽ ቦታ አላቸው። ቦይው እስካልጠበበ ድረስ እንዲህ ያለው መጫን ብቻውን ነርቭ አይጎዳም።

ነርቭ ስለመነካት የሚጻፉ ቃላትንም ለይቶ ማንበብ ጥሩ ነው። ሦስት ደረጃ አላቸው። «ነክቶታል» ሲባል ዲስኩና ነርቩ ተገናኝተዋል እንጂ ነርቩ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ገፍቶታል» ሲባል ነርቩ ወደ ጎን ሸሽቷል። «ጨምቆታል» ሲባል ደግሞ ነርቩ በዲስኩና በአጥንት መካከል ተይዞ ጠፍጥፏል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ የመጨረሻው ከምልክት ጋር መገናኘቱ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ጠያቂያችንን ስለ ወረቀቱ ሳይሆን ስለ እናቷ ጠየቅናት። ህመሙ ከጉልበት በታች ይወርዳል? አይወርድም። እግራቸው ይደነዝዛል? አይደነዝዝም። ሲራመዱ ሁለቱም እግሮች እየከበዷቸው፣ ቁጭ ሲሉ ወይም ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሲደገፉ ደግሞ እየቀለላቸው በየመንገዱ ያርፋሉ? አያርፉም፤ ከመታመማቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ይህን የጠየቅነው በዚህ እድሜ የነርቭ መተላለፊያ ቦይ መጥበብ ሊኖር ስለሚችልና ዋናው ምልክቱ ይኸው ስለሆነ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ? የለም። መውደቅ? የለም። ጠዋት ሲነሱ ወገባቸው ይደርቃል፤ ቡና አፍልተው ጎረቤት ደርሰው ሲመለሱ ይለቃቸዋል።

ይህ ከነርቭ የመጣ ህመም አይደለም። ነርቭ ያልተጫነበት፣ ዙሪያውን የሰፋ ዲስክ በቀዶ ጥገና አይታከምም፤ ቢሠራም እንዲህ ያለውን ህመም ያስወግዳል ተብሎ አይጠበቅም። ሦስት ሳምንት ጣውላ ላይ መተኛት ግን ጉዳት አለው። ወገብን የሚደግፉት ጡንቻዎች ይሟሽሻሉ፣ ድርቀቱ ይብሳል፣ በዚህ እድሜ ላይ ተነስቶ መውደቅም ይመጣል። ፍራሹ ይመለስላቸው፤ ቤት ውስጥ የለመዱትን ይሥሩ፤ በየቀኑ በእግራቸው ይንቀሳቀሱ፤ በመጀመሪያ አስር ደቂቃ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ወገብና ዳሌን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሚያሳያቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያገኙ መልካም ነው።

አንድ ነገር ጨምረን ነግረናታል። እናትየው የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ለወገባቸው ደግሞ በየቀኑ ዲክሎፌናክ ይሰጣቸው ነበር። ይህ መድኃኒትና ዘመዶቹ ግፊትን ሊጨምሩ፣ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። በእድሜ ለገፋ ሰው ሳምንታት ሙሉ ያለ ሐኪም ክትትል የሚወሰድ አይደለም። ግፊታቸውን ለሚከታተሉት ሐኪም ነግረው እንዲያስተካክሉ መክረናል።

የወንድምየው ሪፖርት

የወንድምየው ሪፖርት አምስት መስመር ብቻ ነው። ሌሎቹ ዲስኮች ጤነኛ ናቸው ካለ በኋላ፣ ኤል4–ኤል5 ላይ ከመሃል ወደ ግራ የወጣ ኤክስትሩዥን እንዳለና የግራውን የኤል5 ነርቭ ሥር እንደጨመቀው ይጽፋል። «አንድ ቦታ ብቻ» ተብሎ የታለፈው ይህ ነው።

በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ካለው ዲስክ ጀርባ የኤል5 ነርቭ ወደ ታች ያልፋል። ነርቩ ከቂጥ ተነስቶ በጭንና በባት የውጪ ጎን ወርዶ የእግር ጀርባንና አውራ ጣትን ያዳርሳል። አውራ ጣትንና የእግርን ፊት ወደ ላይ የሚያነሱትን ጡንቻዎች የሚያዘውም በዋናነት እሱ ነው። አንድ ዲስክ ዝቅ ብለን ኤል5–ኤስ1 ላይ ብንሄድ ብዙውን ጊዜ የሚጨመቀው የኤስ1 ነርቭ ይሆናል። ያኔ ህመሙ በባት ጀርባ ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ውስጥ እግር ይወርዳል፤ በእግር ጣቶች ጫፍ መቆምም ያቅታል። ከወገብ ሄርኒዬሽኖች አብዛኞቹ በእነዚህ በሁለቱ የታችኛው ዲስኮች ላይ የሚደርሱ ናቸው።

ወንድምየውን በስልክ ህመሙ የት የት እንደሚሄድ በጣቱ እየተከተለ እንዲነግረን ጠየቅነው። ከግራ ቂጡ ተነስቶ በባቱ ውጪ በኩል እስከ አውራ ጣቱ ነገረን። የእግሩ ጀርባ ላይ ቆዳው «እንደ ሌላ ሰው ቆዳ» ሆኗል አለ። ግድግዳ ይዞ በተረከዙ ብቻ እንዲራመድ አደረግነው። ቀኙ ተነሳ፤ የግራ እግሩ ጣቶች ግን ወለሉን ለቀው አልተነሱም። ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን ወደ ላይ አንስቶ እህቱ በእጇ ወደ ታች እንድትጫናቸው አደረግን። ቀኙን ማሸነፍ አልቻለችም፤ ግራው ገና ስትነካው ወደቀ።

ነጠላ ጫማው የሚወልቀው ለዚህ ነው። ጫማውን ይዞ የሚያነሳው አውራ ጣት ደክሟል። ሪፖርቱ የሚለው ቦታ፣ የህመሙ መንገድ፣ የደነዘዘው ቆዳና የደከመው ጡንቻ አራቱም ወደ አንድ ነርቭ ይጠቁማሉ። አንድ የኤም አር አይ ግኝት ትርጉም አለው የሚባለው እንዲህ ሲገጥም ነው። ይኸው ዲስክ ወደ ግራ ወጥቶ ህመሙ ግን በቀኝ እግር ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ላይ ያየነው የህመሙ ምክንያት አይሆንም ነበር።

«ህመሙ እየቀነሰልኝ ነው» ማለቱስ? የሚያሳስበን ይኸው ነበር። ህመሙ ቀንሶ ጉልበቱም አብሮ ከተመለሰ መዳን ነው። ህመሙ ቀንሶ ድንዛዜውና ድካሙ ከጨመረ ግን ነርቩ ምልክት ማስተላለፍ እያቆመ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው እግሩን ያመመው ሰው «ምን ያህል ያምዎታል?» ተብሎ ብቻ የማይታለፈው። ምን ማድረግ እንዳቃተውም መጠየቅ አለበት።

በዚያው ሳምንት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም አየው። ሐኪሞች የጡንቻን ጉልበት ከዜሮ እስከ አምስት ይለካሉ፤ አምስት ሙሉ ነው። የእሱ አውራ ጣት ሁለት፣ የእግሩ ፊት ሦስት ሆኖ ተገኘ፤ ከሳምንት ሳምንትም እየቀነሰ ነበር። ስለዚህ የወጣው ቁራጭ በቀዶ ጥገና ተወገደለት። ይህን ስንጽፍ የእግሩ ፊት ወደ አራት ተመልሷል፤ አውራ ጣቱ ግን ገና ደካማ ነው። የተጨመቀ ነርቭ ለማገገም ወራት ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። ተጨማሪ ሁለትና ሦስት ወር ቢቆይ ኖሮ ዕድሉ ይበልጥ ይጠብ ነበር።

ሄርኒዬሽን ሁሉ ወደ ቢላዋ አይሄድም

ይህንን ያነበበ ሁሉ ሄርኒዬሽን ካለብኝ ልቀደድ ነው ብሎ እንዳይደነግጥ አንድ ነገር እናስረዳ። የእግር ጉልበት ሳይቀንስ ህመሙ ብቻ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ አብዛኛው ሰው ከስድስት እስከ አስራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእግር ህመሙ የሚመጣው ከመጨመቅ ብቻ አይደለም። ከዲስኩ የወጣው ለስላሳ ነገር የነርቩን ዙሪያ ያስቆጣዋል፤ ነርቩ ያብጣል፤ ያበጠ ነርቭ ደግሞ ትንሽ ሲነካ ያማል። ቁጣው ሲበርድ ዲስኩ እዚያው ሆኖ ህመሙ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሰውነት የወጣውን ክፍል እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሚገርመው ነገር፣ ፊልም ላይ ይበልጥ የሚያስፈራው ነው ቶሎ የሚጠፋው። ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይሟሟል፤ ኤክስትሩዥን ከአስር በሰባቱ ይቀንሳል፤ ዙሪያውን የሰፋ ዲስክ ግን ወደ ቦታው የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። የሰፋው ዲስክ እንዳለ ይቆያል፤ ባለቤቱም አብሮት ይኖራል።

ለዚህ ነው «ዲስኩ ተመልሶ እንደሆነ እንየው» ተብሎ የሚነሳ ሁለተኛ ኤም አር አይ ብዙ የማይጠቅመው። በ2013 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከሳያቲካ የታከሙ ሰዎችን ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና አነሳቸው። ሄርኒዬሽኑ ደህና ከሆኑት 35 በመቶ፣ ደህና ካልሆኑት ደግሞ 33 በመቶ ላይ አሁንም ይታይ ነበር። የዳነውን ካልዳነው ፊልሙ አልለየውም። እግሩ ከተመለሰ ዳነ ነው። አዲስ ምልክት ካልመጣ ወይም ቀዶ ጥገና ካልታሰበ ገንዘቡን መቆጠብ ይሻላል።

በእድሜ የማይመካኙ ምልክቶች

«ከእድሜ ጋር የመጣ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ያረጋጋል። የማይሠራባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፤ ጥቂት ስለሆኑ ማስታወስ አይከብድም።

የመጀመሪያው ሰዓታት የሚቆጠሩበት ነው። ሽንት ተይዞ አልወጣ ማለት ወይም ሳይታወቅ ማምለጥ፣ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ማለትም ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሚነካው ቦታ መደንዘዝ፣ ሁለቱም እግሮች አብረው መድከም። ይህ ማለት አንድ ነርቭ ሳይሆን የፈረስ ጭራው በሙሉ ተጨምቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስና ተኝተውም የማይለቅ ህመም ነው። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ተህዋሲ አከርካሪ ላይ ገብቶ አጥንት ሊበላ ስለሚችል ይህ በቀላሉ አይታለፍም። ያልተፈላ ወተት ከመጠጣት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም እንዲሁ አከርካሪን ይይዛል። ኤም አር አይ ይህንን ሲያሳይ ሪፖርቱ የሚናገረው ስለ ዲስክ መስፋት አይደለም፤ ስለ አጥንት መበላትና መግል ነው። ከዚህ ቀደም ካንሰር የነበረበት ሰውም አዲስ የወገብ ህመም ከያዘው ሳይቆይ መታየት አለበት።

ሦስተኛው በእድሜ የገፉ እናቶችን የሚመለከት ነው። ትንሽ መንሸራተት ወይም ከባድ ዕቃ ማንሳት ተከትሎ ድንገት የጀመረ ኃይለኛ የወገብ ህመም፣ የሳሳ አጥንት መሰበር ሊሆን ይችላል። አራተኛው የጠያቂያችን ወንድም ምልክት ነው፤ እየጨመረ የሚሄድ የእግር መድከም።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የወገብ ህመም ላይ ኤም አር አይ ለመነሳት ስድስት ሳምንት ያህል መታገስ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙው ይሻለዋል። ተነስተው ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም ወይም ሲዲውን ይዘው ይሂዱ። ሐኪምዎን «ስንት ቦታ ላይ ነው?» ብለው አይጠይቁ። ሁለት ጥያቄ ይበቃዎታል። «እዚህ ከተጻፉት መካከል ከእኔ ህመም ጋር በጎንም፣ በቦታም የሚገጥመው የትኛው ነው?» እና «የእግሬ ጉልበት ስንት ከአምስት ነው?» ሁለተኛውን ለመመለስ ሐኪሙ ጫማዎንና ካልሲዎን አስወልቆ እግርዎን መንካት አለበት። ሳይነካ ስለ ቀዶ ጥገና የሚያወራ ከሆነ ሌላ ሐኪም ያማክሩ።